የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል

1. መርፌው ዓይን የለውም

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስኳሩም በደም አማካይነት ወደ መላ ሰውነት ይደርሳል። ነገር ግን ስኳር ከደም ወጥቶ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ጉልበት እንዲሆን ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያስፈልጋል። ኢንሱሊንን የሚሠራው ቆሽት የሚባለው የሆድ ዕቃ ነው።

በአንዳንድ ልጆች ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ያቆማል። ይህ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይባላል። ልጁ ጣፋጭ ስለበላ የመጣ አይደለም። ወላጆቹም ያጠፉት ነገር የለም። እንዲህ ያለው ልጅ በየቀኑ ኢንሱሊን በመርፌ ካልተወጋ በሕይወት ሊኖር አይችልም።

የጤነኛ ሰው ቆሽት ጠባቂ ነው። ሰውየው ሲበላ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ሲጾም ወይም ሲሮጥ ይቀንሳል። መርፌው ግን ዓይን የለውም። አንዴ ከተወጋ ልጁ ቢበላም ባይበላም፣ ቢቀመጥም ቢሮጥም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ የቆሽትን የጥበቃ ሥራ ሰው መሥራት አለበት። ጥበቃው የሚሠራውም ደምን በመለካት ነው።

2. ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የስኳር መለኪያው በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስትሪፕ የሚባል የመለኪያ ቁራጭ ይገባበታል። የጣት ጫፍ በመውጊያ ይወጋና ጠብታ ደም ስትሪፑን ይነካል። ጥቂት ቆይቶ መሣሪያው ላይ ቁጥር ይወጣል።

ልጁ ትምህርት ቤት በሚውልበት ጊዜ ቁጥሩ ከ70 እስከ 180 ባለው መካከል ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት ደግሞ ከ70 እስከ 144 ቢሆን ይመረጣል።

ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ይህ ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው።

ከ70 እስከ 90 ከሆነ ቁጭ ብሎ ለሚማር ልጅ አያሰጋም። ሊሮጥ ወይም ረጅም መንገድ ሊሄድ ከሆነ ግን አስቀድሞ ዳቦ ወይም ሙዝ መብላት አለበት።

ከ180 በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል። አንድ ቀን ከፍ ማለቱ አያስደነግጥም። ልጁ ውኃ ይጠጣ፤ ቁጥሩም ይጻፍ። ምግብ አይከልከል፤ መርፌም በግምት አይጨመርለት። ነገር ግን ቁጥሩ ከ250 በላይ ሆኖ ልጁ ካስመለሰው፣ ሆዱን ካመመው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

አንዳንድ መሣሪያ በቁጥር ፈንታ LO ወይም HI የሚል ያሳያል። LO ማለት ስኳሩ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። HI ማለት ሊቆጥረው ከሚችለው በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለቱም አደጋ ናቸው።

መሣሪያው የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ማንጎ የበላ ወይም ሸንኮራ የላጠ ልጅ ጣቱ ላይ ስኳር ይቀራል። እጁን ሳይታጠብ ቢለካ ቁጥሩ ያለ ልክ ከፍ ይላል። ስለዚህ እጅ በውኃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ቁጥሩ ከልጁ ሁኔታ ጋር አልመጣጠን ካለ እጅ ታጥቦ እንደገና ይለካ። ስትሪፖቹም ክዳኑ በተገጠመ ዕቃቸው ውስጥ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቀው ይቀመጡ።

3. መቼ እንለካ?

ስትሪፕ እንደ ልብ ቢገኝ ልጁ በቀን 4 ጊዜ፣ 6 ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ቢለካ ይመረጣል። በገጠር ግን ስትሪፕ ይጎድላል። ስለዚህ ያለውን በየትኛው ሰዓት እንጠቀምበት ብሎ ማሰብ ይገባል።

ለምሳሌ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። ክብደቷ 28 ኪሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትለካና 14 መስመር ኢንሱሊን ትወጋለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁርሷን በልታ 1 ሰዓት ላይ ትነሣለች። በ4 ሰዓት ዕረፍት ላይ ከቤት የያዘችውን ዳቦ ትበላለች። ትምህርት የሚያበቃው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማታ ከእራት በፊት ደግሞ 6 መስመር ትወጋለች። ይህ መጠን የእርሷ ብቻ ነው። የሌላው ልጅ መጠን በሐኪም ይወሰናል።

ጠዋት የምትወጋው ኢንሱሊን ፈጣኑና ዘገምተኛው የተቀላቀለበት ነው። ዘገምተኛው ክፍል የሚበረታው ከተወጋች ከ4 ሰዓት ያህል በኋላ ጀምሮ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትወጣው በተወጋች በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያን ጊዜ መርፌው በርትቷል፤ የበላችው ዳቦ አልቋል፤ ፊቷ ያለው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ምሳዋም ያለው ቤት ነው። በትምህርት ቀን ውስጥ አስጊው ሰዓት ይህ ነው። መንገድ ላይ ብትወድቅ የሚያያት ላይኖር ይችላል።

ለወር 60 ስትሪፕ ቢኖራት እንዲህ ይከፋፈላል። 30ው በየጠዋቱ ከመርፌ በፊት ይለካበታል። በሳምንት 3 ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ በቀሩት 2 የትምህርት ቀናት ደግሞ ማታ ከመርፌ በፊት ትለካለች። ለዚህ በወር ወደ 22 ይሄዳል። የቀሩት 8 ያህሉ ሕመም ሲሰማት የሚለካባቸው ናቸው። እነዚህ አይነኩም።

4. ስኳር ሲወርድ

ስኳሩ የወረደ ልጅ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይርበዋል። አንዳንዱ ልጅ ግን ፈዞ ዝም ይላል፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ ወይም ያለ ምክንያት ይቆጣል። መምህሩ ይህን ካላወቀ እንቅልፍ ወይም ብልግና ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ወላጅ በዓመቱ መጀመሪያ መምህሩን አግኝቶ ምልክቶቹን መንገር አለበት።

ምልክቱ ሲታይ ልጁ ባለበት ይቀመጥ። መሣሪያው አጠገብ ካለ ይለካ። ከሌለ ሳይለካ እንደ ወረደ ተቆጥሮ ይረዳ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጦ መስጠት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥም ይሆናል። ቆሎ፣ እንጀራና ወተት ግን ዘግይተው ስለሚሠሩ ለዚህ አይሆኑም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ይደገም። ሲስተካከል ዳቦ ይብላ። ከዚያም ቢሆን ብቻውን ወደ ቤት አይላክ።

ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ከተንፈራገጠ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የሚጥል በሽታ መስሎን ክብሪት ብናሸተው የሚያልፈው ጊዜው ብቻ ነው። ስኳሩ ለወረደ ልጅ ኢንሱሊን መውጋት ደግሞ ሊገድለው ይችላል።

5. ደብተሩ ምን ተናገረ?

ቁጥሩ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ካልተጻፈ ይረሳል። ወደ ልጅቷ እንመለስ። በአንድ ሳምንት የጻፈችው ይህ ነበር።

ሰኞ፦ ጠዋት 128፣ ስትወጣ 96።
ረቡዕ፦ ጠዋት 118፣ ስትወጣ 61።
ዓርብ፦ ጠዋት 135፣ ስትወጣ 104።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ስትወጣ 102፣ ረቡዕ 58፣ ዓርብ 92 ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕም 66 ተገኘ። በሦስቱም ረቡዕ መምህሩ በስኳር ውኃ ረድቷት፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነበር ወደ ቤት የሄደችው። እናቷ ደብተሩን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ሲስተር፣ ልጄ እየወረደባት ነው። የጠዋቱን መርፌ እንቀንስላት?» አለች።

ነርሷ ደብተሩን አየችና፣ «እስቲ ቀኖቹን ይመልከቱ፣ እናቴ። ሰኞና ዓርብ ደኅና ናት። የወረደባት ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው። ረቡዕ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀች።

ረቡዕ 5 ሰዓት ላይ ስፖርት አለ። የሚሮጥ ሰውነት ስኳርን ቶሎ ይጨርሳል። መርፌውም የሚበረታው በዚያው ሰዓት ነው። የጠዋቱ መርፌ በየቀኑ ቢቀነስ ኖሮ ረቡዕ ይስተካከል ይሆናል፤ ሰኞና ዓርብ ግን ስኳሩ ከፍ ይል ነበር። ከፍ ያለ ስኳር ለብዙ ጊዜ ሲቆይ ዓይንንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ስለዚህ መርፌው አልተነካም። ረቡዕ ከስፖርት በፊት አንድ ሙዝ እንድትጨምር ተደረገ። ሙዝ ሲጠፋ ግማሽ ዳቦ ትበላለች። በሚቀጥሉት ሁለት ረቡዖች ስትወጣ 97 እና 110 ሆነ። ባይስተካከል ኖሮ የረቡዕ ጠዋት መርፌ ብቻ ከ14 ወደ 12 ይወርድ ነበር። ያም በነርሷ ትእዛዝ እንጂ በቤት ግምት አይደለም።

ደብተሩ እንዲህ ሊረዳ የሚችለው እውነት ሲጻፍበት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወይም ሲወርድ የሚቆጡት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይለካ ጥሩ ቁጥር ይጽፋል። ነርሷም በሐሰት ቁጥር መርፌውን ልትወስን ነው። ስለዚህ «ምን አድርገህ ነው?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን በላህ? ሮጠሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

ጥያቄዎች

1. «መርፌው ዓይን የለውም» ማለት ምን ማለት ነው?
2. አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቢለካ 82 ሆነ። ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ምን ያድርግ?
3. ልጁ ሸንኮራ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ቢለካ 290 ሆነ። ምንም ሕመም የለውም። መጀመሪያ ምን ይደረግ?
4. ለወረደ ስኳር ከቆሎ ይልቅ የስኳር ውኃ ለምን ተመረጠ?
5. በደብተሩ ላይ የቀኑ ስም ባይጻፍ ኖሮ ነርሷ ምን ይሳናት ነበር?