የመጀመሪያው ዋጋና የመጨረሻው ቁጥር

ከሱቅ የገባ ሰው «ይህ ዕቃ በእውነት ስንት ያወጣል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ዘንድ መልስ አያገኝም። መልሱን የሚሰጠው አስቀድሞ ያየው ወይም የሰማው ሌላ ዋጋ ነው። ነጋዴ ይህንን በልምድ ያውቀዋል። እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ነገሩ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንመረምር አስበናል።

ትቨርስኪና ካህነማን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት አፍሪካንም የሚነካ ነው። ሊቃውንቱ እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር ያለበትን መንኰራኵር በሰዎች ፊት አዞሩ፤ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ካሉት አገሮች ከመቶው ስንቱ አፍሪካውያን እንደ ሆኑ ጠየቁ። መንኰራኵሩ በ10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ በ65 ላይ የቆመላቸው ግን 45 ሆነ። መንኰራኵርና አፍሪካ ምንም ዝምድና የላቸውም። ሆኖም አእምሮ የመጀመሪያውን ቁጥር እንደ ችካል ይተክልና ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ ይቀራል። የመርካቶ ነጋዴ «ስንት ነው?» ሲባል አስቀድሞ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠራው ይህንኑ ችካል ለመትከል ነው። ገዢው ተከራክሮ ያስቀነሰውን እንደ ትርፍ ይቈጥራል፤ የተከራከረው ግን ነጋዴው ከመረጠለት ቁጥር ተነሥቶ ነው።

ዋጋ በተለጠፈበት ሱቅ ደግሞ ችካሉ የሚተከለው በአደራደር ነው። ባለሱቁ ሦስት ፔርሙሶች አሉት እንበል፤ አንዱ 620 ብር፣ ሁለተኛው 900፣ ሦስተኛው 1,400። ከበሩ በኩል 620 ቀድሞ ከተቀመጠ፣ ገዢው ወደ 900 ሲደርስ የሚያስበው «280 ብር ልጨምር ነው» ብሎ ነው። 1,400 ቀድሞ ቢታይ ግን ያው 900 ብር «500 ብር አተረፍሁ» ያሰኘዋል። ዕቃውም ዋጋውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገዢው ኪሳራ ብሎ የሚቈጥረው ነገር ነው። በመጀመሪያው አደራደር የሚከስረው ገንዘብ ሲሆን፣ በሁለተኛው ትልቁን ፔርሙስ መተው ነው። በአሜሪካ በአንድ መጠጥ ቤት የተደረገና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ የቢራዎቹ ዝርዝር ከውድ ወደ ርካሽ ሲጻፍ ጠጪዎቹ በአማካይ 24 ሳንቲም ያህል የሚበልጥ ዋጋ ያለውን ቢራ መረጡ።

አሁን ወደ መጨረሻው ቁጥር እንለፍ። ባለሱቁ 900ውን 899 ቢያደርገው የሚቀንሰው አንድ ብር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዓይን ከግራ ስለሚያነብ «ስምንት መቶ» የሚለው ቀድሞ ይያዛል። ቶማስና ሞርዊትዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 እንዳሳዩት ዘጠኝ ቁጥር ኃይል የሚያገኘው የግራውን አኃዝ ሲለውጥ ነው። እንግዲህ 620ውን 619 ማድረግ እምብዛም አይጠቅምም፤ ስድስቱ ከቦታው አልተነሣምና። (በግዕዝ አኃዝ ብንጽፈው ደግሞ 899 ፰፻፺፱ ሲሆን 900 ፱፻ ብቻ ነው፤ ርካሹ ከውዱ ረዝሞ ይታያል!)

በእኛ አስተያየት ግን በትንሽ ሱቅ ከዘጠኙ ይልቅ አደራደሩ ይበልጣል። ገዢው 900 ብር ሰጥቶ የአንዱን ብር መልስ ሲጠብቅ፣ ባለሱቁ «ዝርዝር የለም» ብሎ ማስቲካ ቢዘረጋለት፣ ከሱቁ ሲወጣ የሚያስታውሰው ስምንት መቶውን ሳይሆን ማስቲካውን ነው። በቴሌብር የሚከፍል ሰው ግን ይህ ችግር አይገጥመውም፤ ስለዚህ ዘጠኙ እዚያ ኃይሉን ሊያገኝ ይችላል።

አደራደሩም ቢሆን ወሰን አለው። ስኳርና ሽንኩርት ዋጋቸው በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ገዢው ችካሉን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ፔርሙስ፣ ቦርሳ፣ ጃንጥላ የሚገዛው ግን አልፎ አልፎ በመሆኑ ችካል የለውም። ደግሞም 1,400 ብሩ ፔርሙስ በእውነት የሚሸጥና ከሌሎቹ የተሻለ መሆን አለበት። ለማስመሰል ብቻ የተሰቀለ ከሆነ ገዢው ከጎረቤት ሱቅ ያንኑ ዕቃ በ1,000 ብር ያገኘው ዕለት የ900ውንም ዋጋ ይጠራጠራል።

ባለሱቁ ውጤቱን ማወቅ ቢፈልግ ዋጋውን ሳይነካ ሁለት ሳምንት በአንዱ አደራደር፣ ሁለት ሳምንት በሌላው እየሸጠ በደብተር ይመዝግብ፤ በዓል የሚውልበትን ሳምንት ግን ይተወው፤ ያን ጊዜ ሰው የሚገዛው በሌላ ምክንያት ነውና። መቈጠር ያለበት የገባው ሰው ብዛት ሳይሆን ከሦስቱ የትኛው እንደ ተሸጠ ነው። ገዢ የሆንን ተማሪዎች ደግሞ ከሱቁ በር ሳንገባ ልንከፍል የወሰንነውን ዋጋ በወረቀት ጽፈን፣ ስንወጣ ከከፈልነው ጋር ብናስተያየው ችካሉ ስንት ብር እንደ ሳበን ይገለጥልናል።