በመሰላሉ አናት ያለው ብሎን ምን ያህል ይሸከማል?

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ የሚገኘው አጠና ተራ ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። አጠናው ለግድግዳ ቋሚ፣ ለማገርና ለርብራብ ይውላል። ከእርሱም ቀለም ቀቢዎችና ግንበኞች የሚገለገሉበት ባለሁለት እግር መሰላል ይሠራል። ሁለቱ እግሮች አናታቸው ላይ በብሎን ይያያዛሉ፤ ወደ ውጭ እንዳይከፈቱም ከመሀል በገመድ ይታሰራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ያንን ብሎን ነው። ሰው መሰላሉ ላይ ሲቆም ብሎኑ ምን ያህል ኃይል ይቀበላል? ኃይሉስ በየትኛው አቅጣጫ ይገፋዋል?

መሰላሉን ከጎኑ እንመልከተው። በግራ በኩል እርከኖች የተመቱበት መወጣጫ እግር አለ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ እርከን የሌለው ደጋፊ እግር። የእግሮቹ ጫፎች መሬት ላይ በ2 ሜትር ይራራቃሉ፤ ብሎኑ ከመሬት በላይ 3 ሜትር ላይ፣ ከሁለቱም ጫፎች እኩል መካከል ላይ ነው። ገመዱ ከመሬት በ1 ሜትር ከፍታ አግድም ታስሯል። አንድ ሠራተኛ ከቀለም ባልዲው ጋር 90 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል፤ ይህም ወደ 900 ኒውተን ይጠጋል። የቆመውም በ2 ሜትር ከፍታ ባለው እርከን ላይ ነው። የአጠናውን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንተወዋለን። መሰላሉ በእውነቱ አራት ቋሚዎች አሉት፤ ከጎን ሲታይ ግን የፊተኞቹ የኋለኞቹን ስለሚሸፍኑ በአንድ ጠለል ላይ እንዳለ ፍሬም ልንቆጥረው እንችላለን። ስለዚህ የምናገኘው ውጤት የሁለቱ ጎኖች ድምር ነው፤ ሠራተኛው እርከኑ መሀል ላይ ከቆመ እያንዳንዱ ጎን ግማሹን ይሸከማል።

የጣሪያ ትረስ ስሌት የተማረ ሰው እያንዳንዱ እንጨት በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ ይገፋል ወይም ይጎትታል ብሎ መጀመሩ አይቀርም። በትረስ ውስጥ ይህ የሚሠራው ሸክሙ በመጋጠሚያዎች ላይ ብቻ እንዲያርፍ ስለሚደረግ ነው። ኃይል በሁለት ነጥቦች ብቻ የሚያርፍበት እንጨት ሚዛኑን የሚጠብቀው ሁለቱ ኃይሎች እኩልና ተቃራኒ ሆነው በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ብቻ ነው። ከመሰላላችን ክፍሎች ይህን የሚያሟላው ገመዱ ብቻ ነው። መወጣጫው እግር ከመሬቱ፣ ከሠራተኛው፣ ከገመዱና ከብሎኑ በአራት ቦታ ኃይል ይቀበላል። ደጋፊው እግር እንኳ ከመሬቱ፣ ከገመዱና ከብሎኑ በሦስት ቦታ ይነካል። ሁለቱም እግሮች ባለብዙ ኃይል ክፍሎች ናቸው፤ ስለዚህ ብሎኑ ላይ ያለው ኃይል በእግሩ መስመር ይሄዳል ብለን አስቀድመን መወሰን አንችልም።

በመጀመሪያ መሰላሉን እንደ አንድ አካል እንውሰደው። ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይገፋም እንበል። ሠራተኛው የቆመበት ነጥብ ከግራው ጫፍ በአግድም 2/3 ሜትር ይርቃል። በግራው ጫፍ ዙሪያ የማዞር ኃይሎችን፣ ማለትም ሞመንቶችን ስናመዛዝን፦

900 × 2/3 = የቀኙ ወለል ኃይል × 2

ስለዚህ ወለሉ ደጋፊውን እግር በ300 ኒውተን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የቀረውን 600 ኒውተን መወጣጫው እግር ያገኛል። በዚህ ስሌት ውስጥ ብሎኑም ገመዱም አልታዩም። ምክንያቱም መሰላሉ ሳይፈታ በታየ ጊዜ ሁለቱም የውስጥ ኃይሎች ናቸው፤ በአንዱ እግር ላይ የሚያሳርፉት ኃይል በሌላው እግር ላይ ከሚያሳርፉት ተቃራኒ ጋር ይጣፋል። ብሎኑን ለማየት መሰላሉን በወረቀት ላይ መፍታት ግድ ይላል።

ገመዱን እንቆርጣለን፣ ብሎኑን እናወጣለን፣ ሁለቱን እግሮች ለየብቻቸው እንሥላለን። በተቆረጠው ወይም በወጣው ነገር ፈንታ እርሱ ያሳርፍ የነበረውን ኃይል በቀስት እናመለክታለን። ገመድ መጎተት እንጂ መግፋት ስለማይችል ቀስቱ ከእያንዳንዱ እግር ወደ ውስጥ ይጠቁማል። ብሎኑ ላይ ግን አቅጣጫውን ስለማናውቅ አንድ አግድምና አንድ ቋሚ ቀስት እንሥላለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንዱ እግር ላይ ወደ ቀኝና ወደ ታች ብለን ከሣልን በሌላው እግር ላይ የግድ ወደ ግራና ወደ ላይ መሣል አለብን። የመጀመሪያው ግምታችን የተሳሳተ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ መልሱ ከዜሮ በታች ይወጣና ቀስቱ መገልበጥ እንዳለበት ይነግረናል። በሁለቱ ሥዕሎች ላይ ቀስቶቹን በአንድ አቅጣጫ መሣል ግን ስሌቱን በሙሉ ያበላሻል፤ ስሕተቱንም የምልክት ለውጥ አያጋልጠውም።

ጥቂት ኃይሎች ካሉበት ከደጋፊው እግር መጀመር ይቀላል። ሞመንቱን በብሎኑ ዙሪያ ብንወስድ ሁለቱ የብሎን ኃይሎች ክንድ ስለሌላቸው ይወድቃሉ። የሚቀሩት ከብሎኑ በአግድም 1 ሜትር የሚርቀው የወለሉ ኃይልና ከብሎኑ በታች 2 ሜትር ላይ ያለው ገመድ ብቻ ናቸው፦

300 × 1 = የገመዱ ውጥረት × 2

ገመዱ በ150 ኒውተን ተወጥሯል ማለት ነው። ገመዱ ደጋፊውን እግር በ150 ኒውተን ወደ ግራ ስለሚጎትተው ብሎኑ በዚያው መጠን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ወለሉ በ300 ኒውተን ወደ ላይ ስለሚገፋው ደግሞ ብሎኑ በ300 ኒውተን ወደ ታች ይጫነዋል። የሁለቱ ጥምር ኃይል ወደ 335 ኒውተን ይሆናል።

መልሱን የምንፈትነው እስካሁን ባልነካነው በመወጣጫው እግር ነው። በእርሱ ላይ የብሎኑ ኃይሎች ተገልብጠው 150 ወደ ግራ፣ 300 ወደ ላይ ይሆናሉ። ወለሉ 600 ወደ ላይ፣ ብሎኑ 300 ወደ ላይ፣ ሠራተኛው 900 ወደ ታች፤ ተመዛዘኑ። ገመዱ 150 ወደ ቀኝ፣ ብሎኑ 150 ወደ ግራ፤ እነዚህም ተመዛዘኑ። በግራው ጫፍ ዙሪያ ደግሞ ሠራተኛው 600፣ ገመዱ 150 ኒውተን ሜትር በአንድ አቅጣጫ ያዞራሉ፤ ብሎኑ በከፍታው ምክንያት 450፣ በአግድም ርቀቱ ምክንያት 300፣ በድምሩ 750 በተቃራኒው ያዞራል። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ እንኳ ባይመዛዘን ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩት ሥዕሎች ቀስቶች ላይ ይገኛል።

አሁን ትረስ ለሚለው ሰው መልስ መስጠት እንችላለን። እግሩ 3 ሜትር ሲወጣ 1 ሜትር ብቻ ወደ ጎን ይሄዳል። የብሎኑ ኃይል በእግሩ መስመር ቢሆን ኖሮ ለ300 ኒውተን ቋሚ ኃይል 100 ኒውተን አግድም ኃይል በበቃ ነበር፤ ያገኘነው ግን 150 ነው። የትረሱ መልስ ትክክል የሚሆነው ገመዱ ከእግሮቹ ጫፎች፣ ከመሬቱ ጋር እኩል ሲታሰር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደጋፊው እግር በእርግጥም በሁለት ነጥቦች ብቻ ይነካል።

ይህ ልዩነት በእንጨቱ ላይ ይነበባል። ብሎኑ ደጋፊውን እግር ከሞላ ጎደል በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ ታች ይገፋዋል። መወጣጫውን እግር ግን ከእንጨቱ መስመር በ45 ዲግሪ በማዘንበል ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ማለትም 237 ኒውተን ወደ እንጨቱ አናት፣ 237 ኒውተን ደግሞ በእንጨቱ ጭረት አቋራጭ። ባሕር ዛፍ በጭረቱ መስመር በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀዳዳው ወደ አናቱ በጣም ተጠግቶ ከተበሳ ስንጥቁን በመጀመሪያ መፈለግ ያለብን በመወጣጫው እግር አናት ላይ ነው። ያረጀ መሰላል ፈትቶ የተመለከተ ሰው የመወጣጫው ቀዳዳ ወደ ላይና ወደ ውጭ፣ የደጋፊው ወደ ታች ተበልቶ ቢያገኘው ምክንያቱ ይኸው ነው።

የገመዱ ቦታ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን። አንዳንድ ሠራተኞች ገመዱ እንዳያደናቅፋቸው ወደ አናቱ አስጠግተው ያስሩታል። ከብሎኑ በታች ግማሽ ሜትር ላይ ቢታሰር የደጋፊው እግር ሞመንት 300 × 1 = ውጥረቱ × 0.5 ይሆናል፤ ገመዱም በ150 ፈንታ 600 ኒውተን ይሸከማል። የብሎኑ ጥምር ኃይል ከ335 ወደ 671 ኒውተን ይወጣል። ደጋፊው እግር ገመዱ በታሰረበት ቦታ የሚደርስበት የማጉበጥ ሞመንትም ከ100 ወደ 250 ኒውተን ሜትር ያድጋል። ያው ሠራተኛ በያው እርከን ላይ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ቋጠሮው ብቻ ነው።

ሠራተኛው እስከ አናቱ ወጥቶ ብሎኑ ላይ ቢቆምስ? ገመዱ በመጀመሪያው ቦታው እንዳለ ወለሉ በየእግሩ 450 ኒውተን ይመልሳል፤ ውጥረቱም 225 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሸክሙ ከየትኛው እግር ጋር ይሣላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብሎኑን ከመወጣጫው እግር ጋር አያይዘን ብንሥል 900 ኒውተኑ በዚያ ሥዕል ላይ ብቻ ይገባል፤ ከደጋፊው ጋር ብንሥል በደጋፊው ላይ ብቻ። በሁለቱም ሥዕል ላይ ካስገባነው ሠራተኛው ሁለት ሰው ይሆናል። የገመዱ መልስ በየትኛውም ምርጫ አንድ ነው፤ በሁለቱ እግሮች መካከል የሚተላለፈው ቋሚ ኃይል ግን በምርጫችን አቅጣጫው ይለወጣል። ስለዚህ የትኛውን እንደ መረጥን በሥዕሉ ጎን መጻፍ ይገባል።

ወለሉ ለስላሳ ነው ማለታችን ግምት ነበር። ሻካራ አፈር ላይ ሰበቃ እግሮቹን ወደ ውስጥ ስለሚይዛቸው ገመዱ ከ150 ኒውተን ያነሰ ሊሸከም ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚያንስ ግን በሚዛን ስሌት ብቻ አይገኝም። ሁለቱ ወለሎች ሁለት ሁለት፣ ብሎኑ ሁለት፣ ገመዱ አንድ፣ በድምሩ ሰባት ያልታወቁ ኃይሎች ይኖራሉ፤ ሁለት እግሮች የሚሰጡን ደግሞ ስድስት የሚዛን እኩልታዎችን ብቻ ነው። ሰባተኛው የሚመጣው ከገመዱ መለጠጥና ከእንጨቱ መጉበጥ ነው። በጠብ ጠብ ቀለምና በውኃ በረጠበ የሲሚንቶ ወለል ላይ ግን ሰበቃው እጅግ ስለሚቀንስ የለስላሳው ወለል ስሌት ለእውነቱ ቅርብ ይሆናል፤ ገመዱና ብሎኑም የሚመረጡት በእርሱ ነው።