ጂኒ 0.2 ሲል ምን ይነግረናል? ምንስ ይደብቃል?

በዜና ላይ «የአገሪቱ የጂኒ ቁጥር ይህን ያህል ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ዛሬ ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ በትንሽ ምሳሌ እንይ፤ ከዚያም ምን እንደሚሰውር እንመረምራለን።

መነሻው አሜሪካዊው ማክስ ሎሬንዝ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ኩርባ ነው። አባወራዎችን ከድሃው ጀምረን እስከ ሀብታሙ በተርታ እናሰልፋለን። በአግድሙ መስመር ላይ ከሕዝቡ ምን ያህል እጅ እንደቆጠርን፣ በቋሚው ላይ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ከጠቅላላው ገቢ ምን ያህል እንደያዙ እናስቀምጣለን። ሁሉም እኩል ቢያገኝ 20 በመቶው ሕዝብ 20 በመቶውን ገቢ ስለሚይዝ ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ይወጣል። ልዩነት ሲኖር ግን መስመሩ ወደ ታች ይሰረጉዳል።

ጣሊያናዊው ኮራዶ ጂኒ በ1912 ይህንን ስርጉድ ወደ አንድ ቁጥር የሚቀይር መለኪያ አወጣ። በሰያፉና በኩርባው መካከል ያለው ስፋት፣ ከሰያፉ በታች ላለው ሙሉ ስፋት (ለ0.5) ይካፈላል። 0 ፍጹም እኩልነት ነው፤ ወደ 1 ሲጠጋ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን እናስላ። አምስት አምስት አባወራ ያላቸው ሁለት መንደሮች አሉ እንበል። የሁለቱም ጠቅላላ የወር ገቢ 100 ሺህ ብር ነው። በመንደር ሀ አራቱ 15 ሺህ፣ አንዱ 40 ሺህ ያገኛሉ። በመንደር ለ አንዱ ምንም አያገኝም፤ አራቱ ግን 25 ሺህ 25 ሺህ ያገኛሉ።

በመንደር ሀ ከታች እየደመርን ስንሄድ 0.15፣ 0.30፣ 0.45፣ 0.60 እና 1 እናገኛለን። በመንደር ለ ደግሞ 0፣ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1። ከኩርባው በታች ያለውን ስፋት በአምስት ትራፔዞይድ ከፍለን ብንደምረው ለሁለቱም 0.4 ይወጣል። ስለዚህ የሁለቱም ጂኒ፦

```
(0.5 - 0.4) / 0.5 = 0.2
```

ቁጥሩ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። በመንደር ለ ጦሙን የሚያድር ቤት አለ፤ በመንደር ሀ የለም። ሁለቱን ኩርባዎች በአንድ ወረቀት ላይ ብትስሏቸው መሃል ላይ ሲቋረጡ ታያላችሁ። የመንደር ለ ኩርባ ከታች በኩል ይሰረጉዳል፣ የመንደር ሀ ደግሞ ከላይ በኩል። ጂኒ ስፋቱን ብቻ እንጂ ስርጉዱ የት እንዳለ አይመዘግብም። ኩርባዎች ሲቋረጡ «የትኛው ይበልጥ እኩል ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር መልስ አይሆንም።

አንድ እርምጃ እንጨምር። በሁለቱም መንደር ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አንዱ ለአንድ ዝቅተኛ ባለ ገቢ 5 ሺህ ብር ይስጥ። ሁለቱንም እንደገና ብናሰላ ጂኒ 0.18 ይሆናል። በመንደር ለ ያ ገንዘብ ምንም ያልነበረውን ቤት እሳት አስነድዷል፤ በመንደር ሀ 15 ሺህ የነበረውን 20 ሺህ አድርጎታል። ጂኒ የሚያየው ሰጪና ተቀባይ በተርታው ላይ ያላቸውን ርቀት ነው፤ የተቀባዩን ችግር ጥልቀት አይለይም።

ሁለተኛው ሽፋን የገቢው መጠን ነው። የሁሉም ገቢ እጥፍ ቢሆን ጂኒ አይነቃነቅም። በመንደር ሀ ግን በሀብታሙና በጎረቤቱ መካከል የነበረው የ25 ሺህ ብር ልዩነት 50 ሺህ ይሆናል።

ሦስተኛው ምን እንደተለካ ነው። በዓለም ባንክ መረጃ የኢትዮጵያ ጂኒ በ2015 (እ.ኤ.አ.) 0.35 ነበር፤ የአሜሪካ 0.41 ገደማ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያው ቤተሰብ ከሚጠቀመው ፍጆታ የተሰላ ሲሆን የአሜሪካው ከገቢ ነው። ሀብታም ከገቢው የሚቆጥበው ብዙ ስለሆነ የፍጆታ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከገቢ ልዩነት ያንሳል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ «እኛ እንሻላለን» ማለት ሜትርን ከክንድ ጋር ማወዳደር ነው። በዚያ ላይ ጥናቱ የቤተሰቡን ፍጆታ ለአባላቱ እንደተከፋፈለ ስለሚቆጥር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ማን ጠግቦ ማን እንዳልጠገበ አይታይም።

ስለዚህ የጂኒ ቁጥር ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተለካው ገቢ ነው ወይስ ፍጆታ? አማካይ ኑሮው ስንት ነው? የታችኛው 20 በመቶ ድርሻስ ስንት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን መንደር ሀን ከመንደር ለ ይለያል፦ 15 በመቶና 0።