ለአክስታችን የማይከፈተው የሰርግ ቪዲዮ

ቆይ፣ ቪዲዮውን እንዳትሰርዘው! እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳና መጀመሪያ የተጻፈውን አብረን እናንብብ። እዚህ አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብለህ ስትከፍተው ይሠራል፤ ፍራንክፈርት ላሉት አክስታችን ግን አይከፈትላቸውም። ስለዚህ ችግሩ ከአገር ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

YouTube Studio ውስጥ Content ግባ። ከቪዲዮው ትይዩ Restrictions የሚለው ሥር Copyright ይላል አይደል? ማውሱን አስጠጋበትና See details የሚለውን ጫን። ፊትህ ተለወጠ እኮ! ይሄ claim ነው እንጂ strike አይደለም። ማሽኑ ሙዚቃውን ሰምቶ ባለመብቶቹ ካስገቡት ጋር ሲገጥምለት የለጠፈው ነው።

አሁን ዘፈኑ ያለበትን መስመር ተመልከት። ሰዓቱ 4:12 – 5:03 ይላል፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ማለት ነው። ቪዲዮው በከፊል እንደታገደ በሚገልጸው ጽሑፍ ላይ ማውሱን ብታቆም የአገሮቹ ዝርዝር ይመጣል። ጀርመን፣ ኦስትሪያ... አየህ? የአንድ ዘፈን መብት እንደ ውርስ መሬት ነው፣ በየአገሩ ባለቤቱ ሊለያይ ይችላል። አንዱ «ይታይ፣ የማስታወቂያውን ገንዘብ ግን እኔ ልውሰድ» ይላል፣ ሌላው «አይታይ» ይላል። ሐሳባቸውንም ሊቀይሩ ስለሚችሉ ዛሬ ያየኸው ዝርዝር ነገም እንዲሁ ይሆናል ብለህ አትተማመን።

ከሥሩ ደግሞ ያው ሰዓት በሌላ ስም ተጽፏል። ስህተት እንዳይመስልህ፤ የተቀዳው ድምፅ ባለቤትና የግጥምና ዜማው ባለቤት ሁለት ናቸው። በአንድ አገር ላይ ካልተስማሙ የሚጸናው ከባዱ ነው። አንዱ ቢለቅልህ እንኳ ሌላው ያግድሃል።

ደግነቱ ሁለቱም የያዙት ያንኑ 51 ሰከንድ ነው፣ እሱን ካስተካከልክ ሁለቱም ይለቃሉ። Trim ቆርጦ ያወጣዋል፣ ግን የሙሽሮቹ መግቢያ አብሮ ይሄዳል። ድምፁን በሙሉ ካጠፋህ ደግሞ አባባ ሲመርቁ የሚሰማው ይጠፋል። ዘፈኑን ብቻ የሚያጠፋውን አማራጭ ሞክር፤ ሁልጊዜ ንጹሕ አያወጣም፣ ግን ከተሳካ ምርቃቱ ይተርፋል። ሊንኩም የታየበት ቁጥርም አይለወጥም። ዋናውን ፋይል ግን ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጥ።

Dispute የሚለውን በንዴት እንዳትነካ። የዘፋኙን ስም መጥቀስህ ወይም ዘፈኑን ገዝተህ መስማትህ ፈቃድ አይሆንም። ከተከራከርክ ባለመብቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ተናዶ ቪዲዮው እንዲነሳ በሕግ ከጠየቀ ያኔ የፈራኸው strike ይመጣል።

እንግዲህ Save በልና ተወው፣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። Copyright የሚለው ከገጹ ሲጠፋ በራስህ ስልክ አትሞክረው፣ ያንተማ መቼ ተዘግቶ ያውቃል? ለአክስታችን ደውልላቸው።