ጨዋታው እኩል ሲያልቅ ማን ይለፍ? ሦስት መለያዎችና ሦስት የኢትዮጵያ ውጤቶች

እንደሚታወቀው በሊግ ውድድር ሁለት ቡድኖች እኩል ከወጡ ነጥብ ተካፍለው ይለያያሉ። በጥሎ ማለፍ ግን አንዱ የግድ መውደቅ አለበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በታሪኩ በሦስት የተለያዩ መለያዎች አልፏል፤ በተጨማሪ ሰዓት፣ በመለያ ምትና ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ ምን ያህል ፍትሐዊ እንደሆኑ ማየት ነው።

ፍትሐዊ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደባልቃለን። አንደኛው፣ እኩል አቅም ያላቸው ቡድኖች እኩል ዕድል አላቸው ወይ? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የተሻለው ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ ይበልጣል ወይ? የሚለው ነው። ሳንቲም መወርወር የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን ጨርሶ አያሟላም።

በተጨማሪ ሰዓት እንጀምር። በጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ዋንጫው 4 ለ 2 እዚሁ ቀረ። እዚህ ላይ የወሰነው እንደ በፊቱ ኳስ ጨዋታው ራሱ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ሚዛን ይህ መንገድ ከሁሉም ይሻላል እላለሁ። በመጀመሪያው ሚዛን ግን ጉድለት አለው። ባለሜዳው በደጋፊው ፊት፣ እንግዳ ቡድንም ባልለመደው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ 30 ደቂቃ ይጨመርለታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሜዳ ብቻውን አያሸንፍም። በጥር 1960 ዓ.ም በዚሁ ከተማ በግማሽ ፍጻሜ ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋናለች።

ሁለተኛው የመለያ ምት ነው። ሕግ ሆኖ የጸደቀው በሰኔ 1962 ዓ.ም ሲሆን ከዚያ በፊት አንዳንድ ትልልቅ ውድድሮች በሳንቲም ይወሰኑ ነበር። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ ያነሣችው ከዚምባብዌ 1 ለ 1 ከወጣች በኋላ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፋ ነው። ብዙ ሰው «ሪጎሬ ዕድል ነው» ይላል። እስቲ እናስላው። አንዱ ቡድን ከ100 ምት 75፣ ሌላው 70 ያገባል እንበል። አምስት አምስት መትተው፣ እኩል ከሆኑ አንድ አንድ እየመቱ ቢቀጥሉ፣ የተሻለው የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ወደ 58 ገደማ ነው። ስለዚህ ሳንቲም አይደለም፤ ከሳንቲም ግን ብዙ አይርቅም። ደግሞም የሚለካው መምታትና ማዳንን እንጂ ኳስ መቀባበልን አይደለም። የተራው ጉዳይም አለ። በ2003 ዓ.ም የወጣ ጥናት ቀድሞ የሚመታው ቡድን ከ100 ወደ 60 ያሸንፋል አለ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጨዋታ ሰብስበው የተሠሩ ጥናቶች ግን ልዩነቱን በጣም አነስተው አግኝተውታል።

ሦስተኛው በደርሶ መልስ ብቻ የሚሠራ ነው። በ2004 ዓ.ም መጨረሻ ዋልያዎቹ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው በ2005 ዓ.ም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። ድምሩ 5 ለ 5 ነው። እኛ ከሜዳችን ውጭ 3፣ እነሱ 0 ስላገቡ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። አሁን አስቡት፤ ሱዳን ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ ያው 2 ለ 0 ብቻውን አያሳልፈንም ነበር። የጎሉ ልዩነት በሁለቱም ሁለት ነው፤ ውጤቱ ግን ይለያያል። ደስታው የኛ ቢሆንም፣ አንዱን ጎል ከሌላው ጎል የሚያስበልጥ በቂ ምክንያት አላገኘሁም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም ደንቡን በ2013 ዓ.ም ሰርዞታል።

ለማጠቃለል ያህል፣ የኔ ደረጃ ተጨማሪ ሰዓት፣ የመለያ ምት፣ ከሜዳ ውጭ ጎል የሚል ነው። ይህ ደረጃ ለኛም ይጠቅማል። በጉለሌ ሰፈሮችም ሆነ በትምህርት ክፍሎች ውድድር ሜዳው በተራ ስለሚያዝ፣ አቻ የወጣ ጨዋታ በቀጥታ ወደ ሪጎሬ ይሄዳል። ሕጉ ግን ጭማሪው ሁለት እኩል ክፍለ ጊዜ ሆኖ እያንዳንዱ ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይላል እንጂ 15 ይሁን አይልም። ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ጎል ላይገባበት ይችላል፤ ከገባ ግን የወሰነው ኳሱ ነው። ካልገባ ሪጎሬው የትም አይሄድም።