«ሁለቱን ምረጡ» ሲባል

ነገሌ ቦረና ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ ለጂኦግራፊ ክፍል ያወጣሁት አንድ ጥያቄ ብዙ አስተማረኝ። እነሆ፦

«ዶሎ አካባቢ ተገናኝተው የጁባን ወንዝ የሚፈጥሩት የትኞቹ ናቸው? (ሁለት ምረጡ)
ሀ. ገናሌ  ለ. አዋሽ  ሐ. ዳዋ  መ. ኦሞ  ሠ. ዋቢ ሸበሌ»

መልሱ ሀ እና ሐ ነው። አዋሽ አፋር ውስጥ ይቀራል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፣ ዋቢ ሸበሌ ደግሞ በራሱ መንገድ ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። ወረቀቶቹን ሳርም ግን ብዙዎቹ «ሀ»ን ብቻ ከበው አልፈዋል። ገናሌን አጥተውት አይደለም፤ አንድ መልስ መምረጥ ስለለመዱ የመጀመሪያውን ትክክል ሲያገኙ እጃቸው ቆመ። ትእዛዙን በቅንፍ መጨረሻ ላይ መወሸቄ የኔ ጥፋት ነው። ቁጥሩ ከጥያቄው በፊት፣ በራሱ መስመር መምጣት ነበረበት።

ቁጥሩ መነገሩ ጥያቄውን ማቅለሉም አይካድም። ከአምስት አማራጭ ሁለት ሁለት እያደረግን ብናጣምር 10 ጥንዶች ይወጣሉ፤ ስለዚህ ዝም ብሎ የሚገምት ተማሪ የማግኘት ዕድሉ ከ10 አንድ ነው። «ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጡ» ብንል ኖሮ 31 ዓይነት መልስ ይቻል ነበር። ገናሌን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ልጅ ግን ከቀሩት አራት አንዱን ብቻ ስለሚፈልግ ዕድሉ ከ4 አንድ ይሆናል። አዋሽና ኦሞን ብቻ የሚጥልም የሚቀሩት ሦስት ጥንዶች ናቸው።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው እንግዲህ ክርክሩ። ሁለቱም ካልተገኙ ዜሮ ብንል ገናሌን ያወቀውና ምንም ያላወቀው እኩል ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ትክክል ግማሽ ብንሰጥ ደግሞ ሁለት ፊደል በግምት የከበበ ተማሪ በአማካይ ከአንድ ነጥብ 0.4 ያገኛል፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ከዚያም አምስቱንም የሚከብ ብልጥ አይጠፋም! ሙሉ ነጥብ ሊወስድ ነው ማለት ነው። በበኩሌ ግማሽ ነጥቡን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከሁለት በላይ የከበበ ዜሮ እንደሚያገኝ ትእዛዙ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

አማራጮቹንም መመርመር ያሻል። መጀመሪያ በኦሞ ፈንታ ዌይብን ላስገባ አስቤ ነበር። ዌይብ የገናሌ ገባር ስለሆነ ውሃው ጁባ ይደርሳል። አንድ ጎበዝ ተማሪ «ሦስት ናቸው እኮ፣ ለምን ሁለት አልክ?» ብሎ ቢነሳ ምን እመልስ ነበር? «ሁለት» ካልን ሦስተኛው ለክርክር እንኳ የሚቀርብ መሆን የለበትም። ይህን ለማወቅ ጥያቄውን፣ ቁጥሩን ሸፍኖ፣ ትምህርቱን ለሚያውቅ ጓደኛ መስጠት ይበቃል፤ እሱ ሦስት ከመረጠ ጥያቄው ገና አልበሰለም።