እውነተኛውን ምክንያት ሰበብ የሚያስመስሉ ቃላት

ከሥራ ስንቀር ለአለቃ የምንልከው መልእክት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ጥርጣሬ የሚያመጣው ምክንያቱ ሳይሆን የተጻፈበት ቃል ነው። የባለቤቷ እናት ያረፉባት አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲህ ብላ ላከች እንበል፦

«ጋሼ እንደምን አደሩ? ከአቅሜ በላይ የሆነ ድንገተኛ ጉዳይ ገጥሞኝ ዛሬ መግባት አልቻልኩም። ዘመድ ሞቶብኝ ነው። እግዚአብሔርን፣ እውነቴን ነው፤ ካላመኑኝ ቤት ደውለው ይጠይቁ። ስልኬ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው እስካሁን ያልደወልኩት። በጣም በጣም ይቅርታ።»

ሐዘኑ እውነት ነው፤ መልእክቱ ግን ሰበብ ይመስላል። ደረጃ በደረጃ እናርመው።

1. መሐላውን አውጡ። «እውነቴን ነው»፣ «እግዚአብሔርን»፣ «ካላመኑኝ» የሚሉት ሁሉ ይውጡ። አለቃው ገና አልተጠራጠረም፤ ሊጠራጠር እንደሚችል ያስታወሰው መሐላው ነው። ከሁሉ የሚከፋው «ካላመኑኝ» ነው። ምንም ያላለውን ሰው ከሳሽ ያደርገዋል፤ ደውሎ ማጣራትንም የእሱ ሥራ ያደርገዋል።

2. የሚሸፍኑትን ቃላት በስማቸው ተኩ። «ድንገተኛ ጉዳይ»፣ «ከአቅም በላይ»፣ «የቤተሰብ ችግር» ለማንኛውም ነገር ስለሚሆኑ ምንም አይነግሩም። «ዘመድ ሞቶብኝ» ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያረጀ ነው፤ ኃላፊ የሆነ ሰው ስንት ጊዜ እንደሰማው አይቆጥረውም። ማን እንደሞተ መጻፍ ለመታመን ብቻ ሳይሆን ለፈቃዱም ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር የሐዘን ፈቃድ የሚያገኘው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞትበት ነው። «ዘመድ» ከተባለ አስተዳደሩ ፈቃዱን በየትኛው እንደሚመዘግብ አያውቅም፤ ስለዚህ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ምርመራ መስሎ ይሰማል።

ሕመም ሲሆን ግን በስም መጥራት ግዴታ አይደለም። ማንም ሰው ሕመሙን ለአለቃው መዘርዘር የለበትም። «ትንሽ አሞኝ ነበር» ከማለት ይልቅ «አሞኝ ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነው፣ ማስረጃውን ይዤ እመጣለሁ» ማለት ይበቃል። ስንት ጊዜ እንዳስመለሰን መቁጠርም እንደ ድፍን ቃሉ ሁሉ ጥርጣሬ ይጠራል፤ ያልተጠየቀ ዝርዝር የተዘጋጀ ታሪክ ይመስላልና።

3. ምክንያት በምክንያት ላይ አትደርቡ። ባትሪው የሐዘኑን ክብደት ያቀለዋል፤ አንባቢውም ከሁለቱ ደካማውን መርጦ ይመረምራል። አለቃው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ከፍቶ በስሟ ሥር «ኦንላይን» የሚል አይቶ ከነበረ የባትሪው ነገር ውሸት ይሆንበታል፤ ቀጥሎ ሞቱንም ይጠራጠራል። ካረፈደች «ዘግይቼ በማሳወቄ ይቅርታ» ብላ አንዴ ትጻፍ፣ ሰበብም አትጨምርበት።

4. የምትመለሱበትን ቀንና ያደረ ሥራችሁን ጻፉ። ሰበብ የሚፈጥር ሰው ብዙ ጊዜ ስለራሱ ብቻ ያወራል፤ ሥራው የት እንዳለ አይናገርም። የአለቃው የመጀመሪያ ጭንቀት ደግሞ ይኸው ነው። የታረመው መልእክት እንዲህ ይነበባል፦

«ጋሼ እንደምን አደሩ። የባለቤቴ እናት ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ በ9 ሰዓት ስለሆነ ወደዚያው እየሄድን ነው። እስከ ሐሙስ የሐዘን ፈቃድ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ፤ አርብ ጠዋት እገባለሁ። የደመወዙ ዝርዝር ተሠርቶ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ።»

ኔትወርክ እዚህም አለ። ቀድሞ ሲነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከጠፋችሁ በኋላ ሲነገር ግን ሰበብ ይሆናል።

5. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ላኩት። ቢሮው 2:30 ላይ የሚከፈት ከሆነ 4 ሰዓት ላይ የደረሰ መልእክት፣ የቱንም ያህል ቢታረም፣ ቦታችሁ ባዶ ሆኖ ከታየ በኋላ የመጣ ነው። ለሕመም አዋጁ ሠራተኛው በቀረ ማግስት እንዲያሳውቅ ይላል፤ አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ወይም ማሳወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ሲኖር ግን ይህ አይጠበቅበትም። ማግስቱ የሕጉ ገደብ ነው፤ አለቃው ግን የሚጠብቀው የዛሬውን ጠዋት ነው።

6. መልሶ ቢጠይቃችሁ በዚያው ቃል መልሱ። «ማን ነበሩ ያልሽው?» ሲላት «የባለቤቴ እናት» ትበል፤ አዲስ ዝርዝር አትጨምር፣ አትማልም። ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብላ ከሆነ ደግሞ በሰዓቱ ትደውል።